ጠቅ ይላል፣ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ግን አይነሳም፦ የአንድ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት፣ አዳማ

የጎረቤታችን እማማ ቴሌቪዥን ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። 32 ኢንች ኤልሲዲ፣ ከኋላው ወፈር የሚለው የቆየው ዓይነት። ሶኬት ላይ ሲሰካ ቀዩ የስታንድባይ መብራት ይበራል። ሪሞቱን ስትጫኑት ጠቅ ይልና መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ እንደገና ጠቅ ብሎ ወደ ቀይ ይመለሳል። ከዚያ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ምስልም ድምፅም የለም። አንድ ጥገና ቤት አይቶት «ቦርዱ ሞቷል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» ብሏቸዋል። ሳይከፍተው ነው ያለው፣ የኋላ ክዳኑ ላይ ያለው አቧራ ጣት እንኳ አልነካውም።

ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ደወልኩላቸው።

«እማማ፣ ድንገት ነው የጠፋው ወይስ ሲያስቸግርዎት ነበር?»

«ኧረ ቆይቷል ልጄ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ነበር እምቢ የሚለኝ። ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ሲያድር ግን ጠዋት ወዲያው ይነሳልኝ ነበር። በኋላ በኋላ ጠቅ ጠቅ እያለ ደቂቃ መፍጀት ጀመረ፣ አሁን ጭራሽ።»

እኔ የምፈልገው ይህን ነበር። ሶኬት ላይ ሲያድር ውስጡ ትንሽ እንደሞቀ ይቆያል፣ መብራት ሲሄድ ግን ይቀዘቅዛል። ሲሞቅ የሚነሳ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር እና በየወሩ እየባሰ የሚሄድ ቴሌቪዥን ከመጣላችሁ መጀመሪያ ኮረንቲ አጠራቅሞ የሚለቀውን ካፓሲተር ጠርጥሩ። በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየደረቀ ሲሄድ ለኮረንቲ ያለው የውስጥ መከላከያ ይጨምራል፣ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ትንሽ ይሻለዋል። በኮረንቲ መዋዠቅ ድንገት የሚቃጠል ነገር እንዲህ ቀስ እያለ አይታመምም፣ በአንድ ሌሊት ነው ጸጥ የሚለው።

አንድ ሌላ ነገርም አጣራሁ። ቤታቸው ስቴቢላይዘር አለ። ስቴቢላይዘርም ውስጡ ሪሌይ የሚባል በኮረንቲ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ ስላለው ጠቅ ይላል፣ ስለዚህ የሚጮኸው የቱ እንደሆነ ጆሮን ጠጋ አድርጎ መለየት ያስፈልጋል። እኔ ጋ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ሰካሁት። ጠቅታው ያው ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ብርድ ልብስ አንጥፌ በፊቱ አስተኛሁትና ከፈትኩት። የአዳማ ንፋስ ያመጣው አቧራ ሁሉ እዚህ ነው የሚያድረው። በደረቅ ብሩሽ ጠረግኩት።

ውስጡ ሁለት ዋና ቦርድ አለ። የኮረንቲ ገመዱ የገባበት ፓወር ሰፕላይ ነው። የዲሽና የኬብል መሰኪያዎቹ ያሉበት ሜን ቦርድ ነው። በሁለቱ መካከል የሽቦ ጥቅል ያለው አንድ ኮኔክተር አለ፣ የዛሬው ሥራ በሙሉ የሚያልቀው እዚያ ኮኔክተር ላይ ነው።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ሁለት ሰፕላይ እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ትንሽ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ተሰክቶ እስካለ ድረስ አያርፍም፣ 5 ቮልት ይሰጣል፣ ቀዩን መብራትና ሪሞቱን የሚያዳምጠውን ክፍል ይመግባል። ሁለተኛው ትልቁ ነው፣ 12 እና 24 ቮልት የሚሰጠው፣ ስክሪኑን የሚያበራው። ትልቁ ዝም ብሎ አይሠራም። ሪሞቱን ስትጫኑ ሜን ቦርዱ በአንዲት ሽቦ «ተነስ» የሚል ምልክት ይልካል፣ ቦርዱ ላይ ፒኤስ-ኦን ተብሎ ተጽፎበታል። ያኔ ሪሌዩ ጠቅ ብሎ ይዘጋና ትልቁ ሰፕላይ ኮረንቲ ያገኛል። የምንሰማው ድምፅ ያ ነው።

እንግዲህ ቀይ መብራቱ በርቷል ማለት ምን ማለት ነው? ትንሹ ሰፕላይ አለ ማለት ነው፣ በቃ። ያቺ ኤልኢዲ የምትፈልገው ኮረንቲ ኢምንት ነው። ሰፕላዩ ግማሽ አቅሙን ቢያጣ እንኳ እሷ ደምቃ ትበራለች። «መብራቱ ስላለ ፓወሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ሜን ቦርድ ነው» ብለው ለሜን ቦርድ ብዙ ብር ያወጡ ሰዎች አውቃለሁ።

እጅ ከመስደዴ በፊት ስለ ትልቁ ካፓሲተር። ያ 400 ቮልት ወይም 450 ቮልት የተጻፈበት ወፍራሙ። የግድግዳችን 220 ቮልት ከተስተካከለ በኋላ እዚያ ላይ ወደ 310 ቮልት ገደማ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ደግሞ ሲሠራ ወደ 390 ከፍ ያደርገዋል። ሶኬቱን ነቅላችሁም እዚያው ሊቆይ ይችላል። በተለይ የተበላሸ ሰፕላይ ላይ ብዙ ይቆያል፣ ምክንያቱም የሚበላው የለም። በካቻቢቴ አጋጭቶ «ቧ» ማድረግ ጀብድ ይመስላል ግን ቦርዱንም ዓይንንም ይጎዳል። እኔ የድሮ 220 ቮልት አምፖል በሆልደሩ ላይ ሁለት ሽቦ አስሬበት በእሱ ነው የማራግፈው፣ ከዚያ በቴስተር ከ10 ቮልት በታች መውረዱን አያለሁ። ሽቦዎቹ ጫፋቸው ብቻ የተራቆተ ይሁን።

ቅዳሜ ማታ

ልኬቱን ጀመርኩ። የቴስተሩን ጥቁር ዘንግ የቴሌቪዥኑ ብረት ላይ አሰርኩት። ትልቁ ካፓሲተር ያለበት ወገን በቀጥታ ከግድግዳው ኮረንቲ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሜን ቦርድ ያለበት ወገን ግን በትራንስፎርመር ተለይቷል። የአንዱን ወገን ኔጌቲቭ ይዞ ሌላውን መለካት የማይረባ ቁጥር ይሰጣል፣ አደጋም አለው። ጥቁሩን ካሰራችሁ በኋላ አንድ እጅ ብቻ ይሠራል፣ ሌላው ኪስ ውስጥ ይቀመጥ።

ቀይ መብራት በርቶ፣ ቴሌቪዥኑ ተኝቶ፦ የስታንድባዩ መስመር 5.12 ቮልት። በጣም ያምራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል።

ሪሞቱን ተጫንኩ። ፒኤስ-ኦን ወደ 3 ቮልት ገደማ ወጣ፣ ሪሌዩ ጠቅ አለ፣ በዚያው ቅጽበት 5.12 የነበረው ወደ 3.9 ወረደ። ከዚያ ፒኤስ-ኦን ጠፋ፣ ሪሌዩ ተከፈተ፣ 5 ቮልቱም ተመልሶ ወጣ። በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው የሚቋረጠው።

የሚሆነው ይህ ነው። ሜን ቦርዱ ሲነሳ ከስታንድባዩ ላይ የበለጠ ኮረንቲ ይጠይቃል፣ የሪሌዩም ጥቅል ራሱ ይስባል። ሰፕላዩ መሸከም አቅቶት ይወርዳል። ቮልቱ ሲወርድ የሜን ቦርዱ ፕሮሰሰር ራሱን ያጠፋና እንደ አዲስ ይጀምራል። ሲጠፋ ጭነቱ ይቀላል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ ፕሮሰሰሩ «አሃ፣ አለሁ» ብሎ እንደገና ይሞክራል። ጠቅታው የሚደጋገመው በዚህ ነው።

ስለ ቴስተር አንድ ነገር ልበል። ርካሹ ዲጂታል ቴስተር በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ቁጥር የሚቀይረው፣ አጭር ውድቀት ሊያመልጠው ይችላል። ዝቅተኛውን ቁጥር የሚይዝ ቁልፍ ካለው ተጠቀሙበት። ከሌለው የድሮው ባለ መርፌ አቮሜትር ይሻላል፣ መርፌዋ ስትንበረከክ በዓይን ይታያል።

እሁድ

አሁን ያለው ጥያቄ አንድ ነው። ሰፕላዩ ነው የደከመው ወይስ ሜን ቦርዱ ነው ከልክ በላይ የሚስበው? ሁለቱም ቮልቱን ያወርዱታል። ሳይለዩ ዕቃ መቀየር እዚህ ጋ ነው የሚያከስረው።

መለያው ቀላል ነው። ነቅዬና አራግፌ፣ ወደ ሜን ቦርድ የሚሄደውን ኮኔክተር አወጣሁት። በእሱ ፈንታ በ5 ቮልቱና በኔጌቲቩ መካከል 10 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አሰርኩ። 5 ቮልት ላይ ግማሽ አምፔር ይስባል፣ ይህን ትንሹ ሰፕላይ ያለ ችግር መሸከም አለበት። ሬዚስተሩ ይሞቃል፣ በእጅ አትያዙት።

ሰካሁት። 4.2 ቮልት። ሜን ቦርዱ በሌለበት ወረደ ማለት ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ ሰፕላዩ ላይ ነው። ደህና ቢሆን ኖሮ ከ4.9 ብዙም ዝቅ አይልም ነበር። 5 ላይ ጸንቶ ቢቆይ ደግሞ ፊቴን ወደ ሜን ቦርዱ አዞር ነበር።

ከስታንድባዩ ትራንስፎርመር አጠገብ ሁለት 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት ካፓሲተሮች አሉ። አንደኛው አናቱ አብጧል። ሁለተኛው አናቱ ጠፍጣፋ ነው፣ አዲስ ይመስላል። ሁለቱንም አወጣኋቸው።

የወጣ ካፓሲተርን የሚለካ ትንሽ መሞከሪያ አለችኝ። ያበጠው 180 ማይክሮፋራድ ቀርቶታል፣ ይህ አላስገረመኝም። ጠፍጣፋው ግን 870 አለ፣ በመጠን ብቻ ብታዩት ደህና ነው ትላላችሁ። የውስጥ መከላከያው ሲለካ ግን 1.4 ኦም ሆነ። የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ደህናው ከ0.1 ኦም በታች ነው። ትንሹ ሰፕላይ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየበራና እየጠፋ ነው የሚሠራው፣ ካፓሲተሩ ያንን ሁሉ ግፊት መዋጥና መልሶ ማውጣት አለበት። በውስጡ መከላከያ ካደገ ይህን አይችልም፣ ራሱም እየሞቀ የባሰ ይደርቃል። «ያበጠ ስለሌለ ካፓሲተር አይደለም» የሚለው ፍርድ በዚህ ምክንያት አይሠራም።

ሁለቱም ያሉት ከአሉሚኒየሙ ሙቀት ማስለቀቂያ ጋር ተጠግተው ነው። ፋብሪካው ቦታ ለመቆጠብ ያደረገው ነው፣ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የካፓሲተር ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል፣ ሲጨምርም እንዲሁ በግማሽ ይቀንሳል። 105 ዲግሪ ላይ 2000 ሰዓት የሚኖር፣ 65 ዲግሪ ላይ ወደ 32 ሺህ ሰዓት ይደርሳል፣ 85 ላይ ከሆነ ግን 8 ሺህ ብቻ። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ፣ የኋላ ቀዳዳው በአቧራ ተደፍኖ፣ ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ የሚውል ቴሌቪዥን የትኛው ወገን እንደሚሆን አስቡት።

ሰኞ

ዕቃ ፍለጋ ፖስታ ቤት አካባቢ ወዳሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወጣሁ። የምፈልገው 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ነው። 10 ቮልቱን በ16 መተካት ይቻላል፣ በ6.3 ግን ጨርሶ አይቻልም። መጀመሪያ የሰጡኝ 85 ዲግሪ ነበር። «ያው ነው ወንድሜ፣ አንድ ነው» አለኝ ልጁ። ለሬዲዮ ይሆናል፣ ለዚህ ሰፕላይ ግን አይሆንም። ሌላ ሱቅ 105 አገኘሁ። ቁመቱንም አየሁት፣ የኋላ ክዳኑን የሚገፋ ረጅም ከሆነ አይገጥምም።

አንድ ሦስተኛ ዕቃም ገዛሁ፣ 47 ማይክሮፋራድ 50 ቮልት። ይህቺ ትንሽ ነች፣ የተቀመጠችው በኮረንቲው ወገን፣ ትንሹን ሰፕላይ የሚቆጣጠረው ቺፕ አጠገብ ነው። ቺፑ የሚበላውን ቮልት የምትይዝለት እሷ ናት። ስትደርቅ አታብጥም፣ ምንም አታሳይም፣ ቺፑን ግን እያስጀመረች ታቋርጠዋለች። የወጪው ካፓሲተሮች ሁሉ ተቀይረው ያልዳነ ቴሌቪዥን ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እሷ ነው። ቦርዱ ከወጣ በኋላ አብሮ መቀየሩ ይቀላል፣ ዋጋዋም ቢሆን ለመናገር አይበቃም።

መግጠሙ ላይ ብዙ አላወራም። የፋብሪካው ሊድ ቶሎ አይቀልጥም፣ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምራችሁበት ስታሞቁት ይላላል። በኃይል መጎተት የቦርዱን መዳብ ይገነጥለዋል። ካፓሲተሩ ላይ ያለው ሰረዝ የኔጌቲቭ ወገን ነው። ቦርዱ ላይ የተቀባው ግማሽ ክብ አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭን ያሳያል፣ ግን ተገላቢጦሽ የሚያደርጉ ፋብሪካዎች አሉ። ስለዚህ አሮጌው ሳይወጣ በስልክ ፎቶ ማንሳት።

ሰኞ ማታ

ቦርዱን ወዲያው ከግድግዳ አልሰካሁትም። 100 ዋት የድሮ አምፖል በመስመሩ መሃል አስገብቼ ሰካሁት። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ደምቆ ቢቀር ሾርት አለ ማለት ነበር፣ ኮረንቲውንም አምፖሉ ይበላው ነበር እንጂ ቦርዱ አይቃጠልም። ይህ ዘዴ ለስታንድባይ ምርመራ ነው። ቴሌቪዥኑን ሙሉ ለሙሉ ለማስነሳት ስትሞክሩ አምፖሉ ራሱ ቮልቱን ስለሚቀንስ ደህናውን ቴሌቪዥን ጠቅ ጠቅ ያስብለዋል፣ ያን ጊዜ አምፖሉ መውጣት አለበት።

10 ኦሙን ሬዚስተር መልሼ አሰርኩ። ያለ ጭነት 5.13፣ ከነጭነቱ 5.04። በቃ።

አራገፍኩ፣ ሜን ቦርዱን መለስኩ፣ አምፖሉን አወጣሁ፣ ሪሞቱን ተጫንኩ። አንድ ጠቅታ። ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ አርማው መጣ፣ ከዚያ «ሲግናል የለም»። 5 ቮልቱን እያየሁ ነበር፣ ሲነሳ 5.0 ላይ ነው የነካው።

ግን ገና አልመልስላቸውም። የሞቀ ቦርድ ላይ ሊድ ስነካካ ነው ያመሸሁት፣ የዚህ በሽታ ፈተና ደግሞ ብርድ ነው። ነቅዬ አሳድረዋለሁ።

ማክሰኞ

ሌሊቱን ተነቅሎ አደረ። ጠዋት ሰክቼ ወዲያው ሪሞቱን ተጫንኩ፣ በአንድ ጠቅታ ተነሳ። ቀኑን ሙሉ እየነቀልኩ እያቀዘቀዝኩ ደጋገምኩት፣ አላንገራገረም።

ሲሠራ ያየ የሰፈር ልጅ «የእኛም እንደዚሁ ነው» ብሎ ሌላ ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጣ። እንደዚሁ አይደለም፣ እና ልዩነቱ መጻፍ ያለበት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም «መብራት አለ አይነሳም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ዓይነት በሽታ ያቅፋል።

ምንም መብራት የሌለው ከሆነ ወደ ፊውዝ ነው የምሄደው፣ ግን ፊውዙ ተቃጥሎ ካገኘሁት ቀይሬ አልሰካም፣ ያቃጠለው ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር ሾርት ሆኖ እዚያው እየጠበቀ ነው። መብራቱ ኖሮ ሪሞት ሲጫን ጭራሽ ጠቅ የማይል ከሆነ ፒኤስ-ኦን ላይ ቮልት ይመጣል ወይ ብዬ አያለሁ። ካልመጣና 5 ቮልቱ ከጸና ጥፋቱ ከሜን ቦርድ ወይም ከሪሞቱ ወገን ነው። አንዴ ጠቅ ብሎ አረንጓዴ ላይ ከቆየ፣ 12 እና 24 ቮልቱም ከደረሰ፣ ፓወሩ ነጻ ነው። ክፍሉን አጨልሜ ስክሪኑ ላይ ባትሪ አበራለሁ፣ ደብዛዛ ምስል ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የኋላ መብራት ነው። ለሁለት ሰከንድ ምስል አሳይቶ የሚጠፋም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ወገን ነው፣ የጥበቃ ክፍሉ እያቋረጠው ነው። ሪሞት ሳይነካ፣ ከትራንስፎርመሩ ውስጥ ቀጭን ትክ ትክ የሚል እና መብራቱም አብሮት የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ ሪሌይ አይደለም። ከወጪው መስመሮች አንዱ ሾርት ሆኖ ሰፕላዩ እየሞከረ የሚተው ነው።

የልጁ ቴሌቪዥን የመጨረሻው ዓይነት ነው። ሪሌይ የለውም፣ ትክ ትክታው ከትራንስፎርመሩ ነው። ሜን ቦርዱን ስነቅለው ትክ ትክታው ቆመና 5 ቮልቱ ጸና፣ ስለዚህ የሚጎትተው ሜን ቦርዱ ነው። ነቅዬና አራግፌ በሜን ቦርዱ የ5 ቮልት መግቢያ ላይ ኦም ስለካ ዜሮ ነጥብ ጥቂት አሳየኝ። እዚያ መስመር ላይ ያለ አንድ ነገር ሾርት ሆኗል፣ የቱ እንደሆነ ነገ በዝቅተኛ ቮልት እየመገብኩ የሚሞቀውን እፈልጋለሁ።

እማማ ማታ ልጃቸውን ይልካሉ። ከግድግዳው ትንሽ እንዲያርቁት እና የኋላ ቀዳዳውን በየጊዜው በብሩሽ እንዲያስጠርጉት ነግሬያቸዋለሁ።